ከዘራው በየትኛው እጁ ነበር?

ፎቶው ከመዳፌ አይበልጥም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። አያቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷን ተደግፋ አራት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ቆማለች። ከኋላቸው ኮት የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ ወጣት አለ። በአንድ በኩል ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ስልክ ይታያል። ልጅቷ አክስቴ ናት፤ ዛሬም መርሳ ነው የምትኖረው። ወጣቱስ ማን ነው?

ይህ ጥያቄ በቤታችን ተጠይቆ አያውቅም፤ መልሱ ሁልጊዜ ከፎቶው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። አያቴ ሁለት ወንድሞች ነበሯት። ታላቁ መርሳ ላይ አርሶ፣ ልጆች አሳድጎ፣ እዚያው ተቀበረ። ታናሹ ወደ አፋር፣ ወደ ተንዳሆ የጥጥ እርሻ ለቀን ሥራ እንደወረደ ቀረ። በዚያ ዘመን ከወሎ ደጋና ወይና ደጋ ለጥጥ ለቀማ ወደ ታችኛው አዋሽ የሚወርደው ብዙ ነበርና የእሱ መሄድ አያስገርምም፤ አለመመለሱ ነው የቤተሰቡ እንቆቅልሽ። ፎቶው የእሱ ነው ይባላል። አክስቴም በዓል ሲደርስ ከሣጥኗ አውጥታ እሱን ነው የምትስመው።

እኔ የተነሳሁት አጭር ልብ ወለድ ልጽፍ ነበር። ስለዚህ ሰው የሚወራው ሁሉ እንደ ተናጋሪው ይለያያል፦ አንዱ አሰብ ወደብ ላይ ታየ ይላል፣ ሌላው ወባ ገደለው ይላል፣ ሌላዋ ደግሞ አግብቶ ወልዷል ትላለች። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ፎቶው ላይ በዓይን የማይታይ ነገር ታሪኩ ውስጥ አይገባም። ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ ስሜት፣ ወሬ፣ ሁሉም ውጭ ይቆያል። ከዚያ በፊት ግን የሚታየው ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ነበረብኝ፤ ፍለጋውም የጀመረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ስልኩን ነው። አንድ አጎቴ «ቴሌ ይሠራ ነበር፤ ስልኩን አታይም?» ይላል። ጥሩ ማስረጃ ይመስላል፤ ግን በማጉያ መነጽር ሲታይ የስልኩ ገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ መሬት ሳይደርስ ያልቃል። የተገናኘበት ነገር የለም። ስልክ፣ ሬዲዮና የላስቲክ አበባ በየፎቶ ቤቱ ለማስጌጫ ይቀመጡ ነበር፤ ደንበኛው አጠገባቸው ይቆማል፣ ፎቶው ላይ የእሱ ይመስላሉ። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ በኋላ ልዑል ዓለማየሁን ወደ እንግሊዝ የወሰደው ካፒቴን ስፒዲ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት የቀረበው የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ነው። ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው ምን ይለዋል? አጎቴ ያለው ከዚህ አይለይም፤ ዕቃውን አይቶ ሥራ ሰጠው።

ቀጥሎ ወጣቱ በምን ታወቀ የሚለው መጣ። አክስቴን ስጠይቃት ሳታመነታ «ግራኝ ነበራ!» አለችኝ። «ታናሽየው ግራኝ ነበር፤ እየው፣ ከዘራውን በግራው ነው የያዘው።» እውነትም ከዘራው በግራ እጁ ነው። ፊቱን ግን ታስታውሰዋለች? አታስታውሰውም፤ ሲሄድ ሕፃን ነበረች። ታላቁ ወንድም በወጣትነቱ የተነሳው ሌላ ፎቶ የለም፤ ስለዚህ የሚነጻጸር መልክ አልተገኘም። መላው መታወቂያ የተንጠለጠለው በአንዲት ከዘራ ላይ ነው ማለት ነው።

ያን ቀን ከዘራውን ትቼ ኮቱን ማየት ጀመርኩ። የወንድ ኮት የደረት ኪሱ በለባሹ ግራ በኩል ነው የሚሰፋው፤ ሲቆለፍም የግራው ፊት በቀኙ ላይ ይደረባል። ፎቶው ላይ ግን ኪሱ በቀኝ ደረቱ ላይ ነው፤ የተደረበውም ቀኙ ነው። ይህ የሴት አቆላለፍ ነው። ታዲያ ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ ይሆን? የፊልም ኔጌቲቭ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ያብለጨልጫል፣ ምስሉን የያዘው ደግሞ ደብዘዝ ይላል። በጨለማ ክፍል ውስጥ አታሚው ገጹን ካሳሳተ ምስሉ በመስታወት እንደታየ ሆኖ ይወጣል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ሰዎቹ ስለማይዛነፉ ማንም ላያስተውል ይችላል።

መርሳ ላይ ለረጅም ጊዜ የሰፉ አንድ ልብስ ሰፊ ፎቶውን ሳሳያቸው ግን ደስታዬን ቀነሱት። «ኮቱ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል» አሉኝ። ጨርቅ ውድ በነበረበት ጊዜ ፊቱ የነጣ ኮት ይፈታና ውስጡ ወደ ውጭ ተደርጎ እንደገና ይሰፋ ነበር። ያን ጊዜ የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የቁልፉ ቀዳዳም አብሮ ይዞራል። «በእጄ ብይዘው የድሮው ኪስ የተጠቀመበትን ቦታ በጣቴ አገኘው ነበር፤ በፎቶ ግን አይታይም» አሉ። ስለዚህ ኮቱ ሁለት ነገር ይላል፦ ወይ ፎቶው ተገልብጧል፣ ወይ ልብሱ። ከዘራውን ለመፍረድ ኮቱ አይበቃም።

ያስፈለገኝ ልብስ ሰፊ ሊያዞረው የማይችል ነገር ነበር፤ እሱም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቁጥር በጣት እየተሽከረከረ በሚደወልበት ስልክ ላይ ጣትን የምታስቆም ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ቦታዋ ሁልጊዜ ከክቡ በታች በቀኝ በኩል ነው። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ አጎላሁት። ምላሷ በታች በግራ በኩል ናት። ፎቶውን ወደ ጎን ገልብጬ ሳየው ምላሷም፣ የደረት ኪሱም፣ የኮቱ ቁልፍም ባንድ ጊዜ ቦታቸውን ያዙ። ከዘራውም ወደ ቀኝ እጁ ተሻገረ።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቀደምም ሰው አሳስቷል። አሜሪካዊው ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድ ከፎቶው የተነሳ ለረጅም ጊዜ ግራኝ ነው ሲባል ኖሯል፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ፖል ኒውማን የተወነበት ፊልም ርዕስ ሳይቀር ግራኝነቱን የሚናገር ነው። ፎቶው ግን በቀጥታ በብረት ሳህን ላይ የተነሳ ነበር፤ እንዲያ ያለው ምስል በባሕርይው እንደ መስታወት ይገለብጣል። ያጋለጠው ጠመንጃው ነው፦ የዊንቸስተሩ ጥይት መክተቻ በቀኝ ጎኑ መሆን ሲገባው ፎቶው ላይ በግራ ታየ።

አጎቴ በዚህ አልተረታም። «ማኅተሙስ?» አለ። በፎቶው ጥግ ላይ ያለ ቀለም በወረቀቱ ተጭኖ የወጣ ማኅተም አለ፤ «ፎቶ» እና «ደሴ» የሚሉት ይነበባሉ፣ በመሀል ያለው ስም ጠፍቷል። ፎቶው ከተገለበጠ ጽሑፉ ለምን አልተገለበጠም? መልሱ ማኅተሙ ከኔጌቲቩ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ነው፤ የሚመታው ወረቀቱ ታትሞ ከደረቀ በኋላ ነው። ግን ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ወለደ። አክስቴ ፎቶውን ወልድያ እንደተነሱ ነው የሰማችው፤ ወልድያ ደግሞ ከመርሳ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ደሴ በስተደቡብ የዚያን ሦስት እጥፍ ይርቃል። የቱ ነው እውነቱ?

መልሱን ያገኘሁት በጣቴ ነው። ከወጣቱ ትከሻ ተነስቶ በአያቴ ነጠላ ላይ የሚወርድ ነጭ የእጥፋት መስመር አለ፤ ሌላ መስመር ደግሞ በመሀል ያቋርጠዋል። ሁልጊዜ ወረቀቱ የታጠፈ ይመስለኝ ነበር። ጣቴን ሳስኬድበት ግን ለስላሳ ነው። በጀርባውም እጥፋት የለም። መስመሩ የሚታይ እንጂ የሚዳሰስ አይደለም። ይህ ማለት በእጃችን ያለው የፎቶ ፎቶ ነው፤ አንድ ሰው ለአራት የታጠፈ ፎቶ ወስዶ አስነስቶ አባዝቶታል። ማኅተሙ የሚነግረን ቅጂው የት እንደታተመ ነው፤ እነሱ የት እንደቆሙ አይነግረንም። አክስቴም ማኅተሙም ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መገልበጡም ምናልባት ያኔ፣ ቅጂው ሲታተም የሆነ ይሆናል።

እንግዲህ ከዘራው በቀኝ ከሆነ ወጣቱ ታላቁ ወንድም ነው? ለመወሰን ቸኩዬ ነበር። ከመወሰኔ በፊት ግን የአያቴን ወንድሞች በልጅነታቸው የሚያውቁ፣ ፎቶውን አይተው የማያውቁ አንድ አዛውንት ጎረቤት ጠየቅሁ። ምንም ሳልመራቸው ስለ ታናሹ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። «በደቦ ስናጭድ ከዳር ነበር የምናቆመው» አሉኝ። ለምን? «ማጭዱን በግራው ነዋ የሚይዝ! ከመሀል ከቆመ የጎረቤቱን እጅ ይበላዋል።» ግራኝነቱ ስለዚህ ከፎቶው የተወለደ ወሬ አይደለም፤ ከፎቶው በፊት ነበረ። ማስረጃው ወደ ታላቁ ያደላል። ግን ከዘራ ማጭድ አይደለም፤ ፎቶ አንሺ «በዚህኛው እጅህ ያዝ» ካለ ግራኝም በቀኙ ይይዛል። ከዘራው ራሱ እንደ ስልኩ የፎቶ ቤቱ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩን ጻፍኩት። አጭር ነው፤ ሕጉ ብዙ አያስጽፍም።

«ወንበሩ አንድ ነው፤ የተቀመጠችበት ሴትዮዋ ናት። ነጠላዋ እስከ ጉልበቷ ይወርዳል፤ አንድ እጇ ልጅቷ ትከሻ ላይ ነው፣ ጣቶቿ ጨርቁን ጨምድደው ይዘዋል። ልጅቷ ወደ ካሜራው አታይም። የምታየው ስልኩን ነው። የአንድ እግሯ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቷል። ከኋላቸው የቆመው ሰው ኮት እጅጌው አጥሮታል፤ አንጓው ይታያል። ከዘራውን አልተደገፈውም፤ ጫፉ መሬት አልነካም። ከጀርባቸው የተሳለው መጋረጃ ላይ ደረጃና ምሰሶ አለ፤ መጋረጃው ከወለሉ ሲደርስ ይጨማደድና ደረጃው ይጎብጣል። የስልኩ ገመድ ወለሉ ሳይደርስ ያልቃል። በሦስቱም ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያልፋል፤ አንድ ሰው ለአራት አጥፏቸዋል፤ እጥፋቱ ከሰውየው ፊት በጣት ውፍረት ዝቅ ይላል።»

ለአክስቴ አነበብኩላት። ጫማዋ ጋ ስደርስ ሳቀች፤ መጨረሻው ጋ ግን ዝም አለች። «ታዲያ አጎቴ አይደለም ልትለኝ ነው?» አለች። እንደማላውቅ ነገርኳት። ስልኩን፣ ኪሱን፣ ማጭዱን አንድ በአንድ አስረዳኋት። ረጅም ጊዜ ፎቶውን አየችና «አብሽር፣ አንተ የምታውቀውን ጻፍ፤ እኔ የምስመውን አውቃለሁ» አለችኝ።

በቅጂው ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ ቀለም ወደ ፊት እንዳይሰርግ ቀስ ብዬ ጻፍኩ፦ «ፎቶው ተገልብጦ የታተመ ቅጂ ነው። የቆመው ከሁለቱ ወንድሞች አንዱ ነው። እትዬ ታናሹ ነው ትላለች።» የቀረኝ የታጠፈው ዋናው ፎቶ ነው። ፎቶን ለአራት የሚያጥፍ ኪስ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ነው፤ ለማባዛት ከሰጠው በኋላስ ዋናውን መልሶ ወስዶ ይሆን? የታላቁ ወንድም ልጆች አንድ የቆየ የቆዳ ቦርሳ ኮምቦልቻ እንዳላቸው ሰምቻለሁ፤ እንድከፍተው ፈቅደውልኛል።