አፕዴቱን ማውጣት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2021 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የወሩን አፕዴት ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ከየቢሮው አንድ ዓይነት አቤቱታ መጣ። ሠራተኛው ፕሪንት ሲያደርግ ወረቀት በመውጣት ፈንታ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ስክሪኑ ላይ የሚነበበው APC_INDEX_MISMATCH የሚል ነበር።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሪንተሩ ነው። ነገር ግን ችግሩ የጀመረበት ቀንና አፕዴቱ የተጫነበት ቀን ከገጠሙ፣ ኮምፒውተሩም ያንኑ ሥራ በተሞከረ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ አፕዴቱ መዞር አለበት። በ View update history ውስጥ የተገኘው ስም KB5000802 ነበር። እዚያው ገጽ ላይ ባለው Uninstall updates ሲወጣ ማተሙ ተመለሰ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ዊንዶውስ የወጣውን አፕዴት እንደጎደለ ቆጥሮ መልሶ ይጭነዋል። ስለዚህ ከማውጣቱ በፊት፣ ካልሆነም ወዲያው፣ Pause updates መጫን ያስፈልጋል። ይህ የሚፈቅደው ቢበዛ 35 ቀን ነው። ቀኑ ሲያልቅ ያመለጡት አፕዴቶች ሳይጫኑ ዳግም ማቆም አይቻልም።

ዋጋም አለው። የዊንዶውስ ወርኃዊ አፕዴት አንድ ጥቅል ነው፤ ፕሪንተሩን ያበላሸውን ክፍል ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። በዚያ ጥቅል ውስጥ አጥቂዎች አስቀድመው ይጠቀሙበት የነበረ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቀዳዳ መድፈኛም ነበረ። አፕዴቱን ያወጣ ሁሉ ያንን ቀዳዳ መልሶ ከፍቷል። ስለዚህ ማውጣት የሚገባው ሥራ በቆመበት ማሽን ላይ ነው እንጂ ፕሪንተር በሌለው የጎረቤት ኮምፒውተር ላይ "ለማንኛውም" ተብሎ አይደለም።

ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን KB5001567 ብሎ ያወጣው ማርች 15 ነው፤ ስድስት ቀን ብቻ ፈጅቷል። ይሁን እንጂ እንደ አማራጭ ስለቀረበ በራሱ አልተጫነም። 35 ቀን ሞልቶ የተቀመጠ ሰው አንድ ወር ያህል ያለ ምክንያት በሩን ከፍቶ ተኝቷል ማለት ነው። ማስተካከያውም ሙሉ ጥቅል ስለነበር የማርች 9ኙን የደኅንነት ጥገና ይዟል። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ማስተካከያውን ከማይክሮሶፍት የአፕዴት ካታሎግ አውርዶ መጫን፣ አንድ ገጽ አትሞ ማየት፣ ከዚያ Resume updates ማለት ነው። ሳይጭኑት ቢከፍቱ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ያው የተበላሸው ነው።

አትሞ ማየቱም ለይስሙላ አይደለም። ከማስተካከያው በኋላም አንዳንድ ፕሪንተሮች ምስል እየዘለሉ ወይም ባዶ ገጽ እያወጡ ስለነበር ማርች 18 ሌላ ማስተካከያ፣ KB5001649፣ መውጣት ነበረበት። ማቆም ብድር ነው፤ የሚወሰደውም የመመለሻው ቀን ታውቆ ነው።