ወንድሜ በሁለት ቤተሰብ ስም ሲያመሰግን

እህቶቼ፣ በአያቶቻችን ጊዜ ሙሽራ ንግግር አያደርግም ነበር። አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ተነስ ሲሉት ይነሳል፣ የአማቶቹን ጉልበት ስሞ ይመረቃል፣ አለቀ። ልጅቷን የሚጠይቁት፣ ቃል የሚቀበሉት፣ በመጨረሻም የሚያመሰግኑት ሽማግሌዎች ናቸው። አሁን ግን በከተማ ሰርግ ላይ መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ ይመጣና «ሙሽራው ሁለት ቃል ይበለን» ይላል። ልጁ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትልቅ ሰው ፊት ዝም በል እየተባለ ነው ያደገው። ምን ይበል?

ባለፈው ጥር ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ላይ ሲያገባ ይሄ ጣጣ እኔ ጋ መጣ። እኔ እዚህ ቤሩት፣ እሱ እዚያ፣ አራት ማታ በድምፅ መልእክት እየተላላክን ንግግሩን ሠራነው። ነገ የእናንተም ወንድም ይደውል ይሆናልና ያየነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ድግሱ የማን እንደሆነ ነው። ይሄ ነገር ንግግሩን በሙሉ ይቀይረዋል። ሰርጉ በሙሽሪት ቤት ከሆነ ወንድሜ እዚያ እንግዳ ነው። እንግዳ ያመሰግናል እንጂ «ለጎደለው ይቅርታ» አይልም። የሰው ቤት ገብቶ ጎደለ ካለ አማቱን አዋረደ ማለት ነው። መልስ ሲጠሩትም እንደዚያው ነው። በራሱ አባት ቤት ከሆነ ደግሞ ደጋሽ ነውና ይቅርታ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። የእነሱ ግን ወጪ ለመቀነስ ሁለቱ ቤተሰብ ተነጋግረው በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ቀን የደገሱት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ባለቤት፣ ሁለቱም ደጋሽ ናቸው። ወንድሜም «እኛ» ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው።

ግን በአማቱ ስም እንዲናገር ማን ፈቀደለት? እኔ «እሺ እስኪሉህ ድረስ አንድ ቃል እንዳትጽፍ» አልኩት። አማች ራሱ ሄዶ ቢጠይቅ ድፍረት ስለሚሆን፣ ልጅቷን ከጠየቁት ሽማግሌዎች አንዱን ላከ። የሙሽሪት አባት ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። «ይናገር፣ ደስ ይለኛል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «እህቴን ግን እንዳይረሳ» አሉ። ሙሽሪት እናቷ የሞተችው ትንሽ ልጅ እያለች ነው፤ ያሳደገቻት የአባቷ እህት ናት። ሰውየው የፈሩት እህታቸው በሰርጉ ቀን የእናት ቦታ አይገባኝም ብላ ወጥ ቤት እንዳትቀር ነው። እንግዲህ ሽማግሌ ባይላክ ኖሮ ይሄን ነገር ከየት እናውቀው ነበር?

ከዚያ ወንድሜ የመጀመሪያውን ንግግሩን በድምፅ ላከልኝ። ሰባት ደቂቃ! ሰምቼ ስጨርስ «አብሽር፣ ይስተካከላል» አልኩት። ሦስት ነገር ነበር ጆሮዬን የከበደኝ።

አንደኛው «ልጃችሁን ስለሰጣችሁኝ፣ ስለወሰድኳት» የሚለው ነው። ክፋት የለውም፣ ሁሉም እንዲያ ይላል። ግን አባትየው ፊት ለፊት ቁጭ ብለው «ወሰድኳት» ሲባሉ ቤታቸው የጎደለ ይመስላቸዋል። «እኔን ልጃችሁ አድርጋችሁ ስለተቀበላችሁኝ» ቢል ግን ቤታቸው ተጨመረበት እንጂ አልተቀነሰበትም። ነገሩ ያው ነው፣ ዝቅ ብሎ የቆመው ግን ሙሽራው ሆነ።

ሁለተኛው የስም ዝርዝር ነው። አጎቶቹን፣ ሚዜዎቹን፣ የእድሩን ዳኛ፣ የሠፈሩን ልጆች ሁሉ በስም ጠርቷል። ሃያ ሰው ጠርቶ ሃያ አንደኛውን የረሳ ሰው የሚታወሰው በረሳው ነው። የሚጠሩት ደግሞ በብዛት የእኛ ወገን ነበሩ፣ ምክንያቱም የሚያውቀው እነሱን ነው። ስለዚህ ስም አወጣንና በሥራቸው አደረግነው፤ ያበሰሉ፣ ያስተናገዱ፣ ዳስ የጣሉ፣ ውሃ የቀዱ። እንዲህ ሲባል ሁሉም ራሱን ያገኛል። በወሎ እንደምታውቁት የእስላም ጎረቤቶቻችን ማዕድ ለብቻ ነው፤ የራሳቸው ሰው አርዶ፣ የራሳቸው ሴቶች ሠርተው ነው የሚቀርበው። እነሱንም ከደጋሽ እንጂ ከተጋባዥ አልቆጠርናቸውም።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። ወንድሜ መጨረሻ ላይ «ይህን ሁሉ ያደረገችልኝ በዓረብ አገር እየለፋች ያለችው እህቴ ናት፣ አዳራሹንም ሥጋውንም የከፈለችው እሷ ናት፣ እናጨብጭብላት» ብሎ ነበር። አልቅሼ ነው የሰማሁት፣ አልዋሽም። ማን ነው ስሙ መነሳቱን የሚጠላ? ግን በነጋታው «አውጣው» አልኩት።

ተቆጣ። «ታዲያ አንቺን ማን ያውቅሻል? ሦስት ዓመት የሠራሽበት ገንዘብ እኮ ነው!» አለኝ።

እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። አባታችን በሬ ሸጧል። የሙሽሪት አባት ጤፉን ሰጥተዋል። አክስቷ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሦስት ሌሊት እንጀራ ጋግራለች፣ ጠላውን ጠምቃለች። አንተ ማይክ ይዘህ የእኔን ብር ስትጠራ የእነሱን ድካም ከእኔ በታች አስቀመጥከው። አባታችንም በልጁ ሰርግ ላይ ሴት ልጁ የደገሰችለት ሰው ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያን ቃል ተሸክማ የምትኖረው ሚስትህ ናት። ነገ ቤት ውስጥ ትንሽ ኩርፊያ ሲነሳ «ሰርግሽን ማን ደገሰና!» የሚላት አይጠፋም። በሁለት ቤተሰብ ስም እናገራለሁ ካልክ ማን ስንት እንዳወጣ መርሳት አለብህ። የእኔን ለእኔ ብቻ ንገረኝ።

ዝም አለ። ማታ ላይ «እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ላከ።

ይቅርታውንም አሳጠርነው። ጠላው አነሰ፣ ቦታው ጠበበ፣ ፀሐዩ በረታ እያሉ መዘርዘር ጥሩ አይደለም። ያላየው ሰው እንኳ እንዲያይ ያደርጋል፤ ሲበዛ ደግሞ «ኧረ ምንም አልጎደለም» በሉኝ ማለት ይመስላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በመጨረሻ የቀረው ሁለት ደቂቃ ተኩል የማይሞላ ነው፤ እነሆ፦

«የተከበራችሁ አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ ለዚህ ቀን ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን። እኔ በእናንተ ፊት መናገር የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። አባቶቼ አንተ በል ስላሉኝ በሁለቱም ቤተሰብ ስም ቆሜአለሁ።

አባታችን፣ ልጅዎን በመልካም አሳድገው ለዚህ ወግ ስላበቋት፣ እኔንም ልጄ ብለው ስለተቀበሉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናት ሆነው ያሳደጓት እናታችንም አሉ፤ ዛሬም ስለእኛ እየደከሙ ነውና ወደዚህ እንዲመጡልን በትሕትና እንለምናለን። እኔን የወለዳችሁኝ አባቴና እናቴ፣ ሰው ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ይህን ድግስ ሁለቱ ቤተሰብ ብቻውን አልደገሰውም። ሌሊት የጋገራችሁ፣ ያበሰላችሁ፣ የታጠባችሁ እጆች ሁሉ፣ ዳስ የጣላችሁ፣ ያስተናገዳችሁ፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ማዕድ ያሰናዳችሁ፣ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። በአካል ባይገኙም በሐሳብ ከእኛ ጋር የዋሉትንም እናመሰግናለን።

እንደ ክብራችሁ አላስተናገድናችሁም፤ የጎደለውን በፍቅራችሁ ሙሉልን። አሁን እኛ ልጆቻችሁ ጉልበታችሁን እንሳም፣ እናንተ መርቁን።»

«በአካል ባይገኙም» የሚለው እኔ ነኝ። እኔ ብቻ ግን አይደለሁም። የሙሽሪት እናትም እዚያ ውስጥ አለች። የሞተ ሰው በሰርግ ቀን በስም ቢነሳ ደስታው ወደ ለቅሶ ይሄዳል፤ እንዲህ ሲባል ግን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በሰርጉ ቀን የአጎቴ ልጅ ስልኳን ይዛ በቪዲዮ አሳየችኝ። ወንድሜ ወረቀቱን ከኪሱ አላወጣም፣ ማይኩን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳስ የጣሉትን ረስቶ ሚዜው በጆሮው ነገረው፣ መልሶ ጨመረው፤ ሰው ሳቀ። «እናት ሆነው ያሳደጓት» ሲል ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። አክስትየው እንደተፈራው ወጥ ቤት ነበሩ። ሴቶቹ ገፋፍተው አመጧቸው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። አባትየው ከወንበራቸው ተነስተው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ሙሽሮቹ መጀመሪያ የእነሱን፣ ቀጥለው የእኛን ወላጆች ጉልበት ሳሙ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሰዉ አሜን አለ። ማንም ለማንም አላጨበጨበም።

ከሁለት ወር በኋላ የወንድሜ ሚስት ደወለችልኝ። «እህት ዓለም፣ አንቺ ምን እንዳደረግሽ አውቃለሁ፣ ነግሮኛል» አለችኝ። ዝም ስል ጊዜ ቀጠለች፤ «አክስቴ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ቤት እየመጣች ከእማዬ ጋር ቡና ትጠጣለች። በፊት የሰው ቤት ነው ብላ አትገባም ነበር።»

እናቴን ጠየቅኳት። «አዎ፣ ትመጣለች፤ ቡናውንም እሷ ናት የምትቆላው» አለችኝ።