ስልኩ «ፎቶ» ብሎ ዝም ሲል

ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ ቡዳፔስት። በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ጉዳፍ ፀጋይ 1ኛ፣ ለተሰንበት ግደይ 2ኛ፣ እጅጋየሁ ታዬ 3ኛ ሆኑ። መጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ለወርቁ ከጉዳፍ ጋር ስትተናነቅ የነበረችው፣ አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ወደቀች። ተነሥታ 11ኛ ሆና ጨረሰች።

ከእንዲህ ዓይነት ድል በኋላ የሚለቀቀው ፖስት መልኩ የታወቀ ነው። አንድ ፎቶ፣ ሥሩ ሦስት ባንዲራ፣ ሦስት የእሳት ምልክት፣ «ታሪክ ተሠራ!»። የሚያይ ሰው ፎቶውን በአንድ ዓይን ጨርሶ ወደ አስተያየቱ ይወርዳል። እዚያ ሌላ ውድድር ተጀምሯል፦ «ነክታታለች»፣ «ኧረ ራሷ ናት የተደናቀፈችው»።

ይኸው ፖስት ዓይነ ስውር ወደሆነ አንድ የሕግ ተማሪ ስልክ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ስክሪን ሪደሩ «ፎቶ» ይላል። ቀጥሎ ባንዲራውን ሦስት ጊዜ፣ እሳቱን ሦስት ጊዜ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ «ታሪክ ተሠራ» ይልና ያበቃል። ተማሪው ክርክሩን ቃል በቃል ይሰማል፤ የሚከራከሩበትን ነገር ግን የነገረው የለም። የሌሎች ፍርድ ደረሰው፤ ማስረጃው አልደረሰውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሠራሩ ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባሉት ስክሪን ሪደሮች በዋናነት የሚያነቡት ጽሑፍ ነው። ድረ ገጽ ላይ ለፎቶ መግለጫ የተዘጋጀ የራሱ ቦታ አለ፤ ዓይን አያየውም፣ ስክሪን ሪደሩ ግን ያነበዋል። እንዲህ ይጻፋል፦

```
<img src="budapest.jpg" alt="ሲፋን ሐሰን መሙ ላይ ወድቃ...">
```

ይህ ቦታ ጨርሶ ካልተጻፈ አንዳንዱ ስክሪን ሪደር የፋይሉን ስም፣ ቁጥሩን ሳይቀር፣ ያነበንባል። ቴሌግራም ላይ ግን የቻናሉ አዘጋጅ ያለው ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ካፕሽን ብቻ ነው። ለመደበኛ ተጠቃሚ 1024 ፊደልና ምልክት ይፈቅዳል፤ ለአንድ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ካፕሽኑ ሁለት ሥራ ደርቦ መሥራት አለበት። አንደኛው የዜናው ሥራ ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ውጤት። ሁለተኛው የፎቶው ሥራ ነው፤ የሚያየው ሰው ዓይኑ ላይ ያለው ነገር ምንድን ነው?

ብዙ አዘጋጆች የመጀመሪያውን ያውቁታል፣ ሁለተኛውን ይዘሉታል። የራዲዮ ጨዋታ እየሰሙ ያደጉ ሰዎች ደግሞ ተቃራኒውን ስሕተት ይሠራሉ፤ ካፕሽኑን የውድድሩ ሙሉ ትረካ ያደርጉታል። የራዲዮ ዘጋቢ 25 ዙር ሙሉ ይዞን ይሄዳል። ፎቶ የያዘው አንዲት ቅጽበት ነው። መግለጫውም ያቺን ቅጽበት ነው የሚያስረክበው፤ ከእሷ በፊትና በኋላ የሆነው ለብቻው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የዓለም የዜና ወኪሎች የፎቶ ካፕሽን ልማድም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፎቶው ላይ የሚታየውን አሁን እንደሚሆን አድርጎ ይናገራል፣ ሁለተኛው ዳራውን ይጨምራል።

በዚያ ምሽት ላይ እንሞክረው። ለምሳሌ ያህል፣ አዘጋጇ እጇ ላይ ያለው ፎቶ ከመጨረሻው መስመር በኩል ከፊት ለፊት የተነሣ፣ ሲፋን ከወደቀች በኋላ ያለውን ቅጽበት የሚያሳይ ነው እንበል። የመጀመሪያ ሙከራዋ ይህን ይመስላል፦ «አሳዛኝ ቅጽበት! ሲፋን ወድቃ ጉዳፍ ወደ ወርቁ ስትገሰግስ።» መጥፎ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ስም አለው። ተማሪው ግን ሲሰማው ጥያቄው አላለቀም። እንዴት ወደቀች፣ በሆዷ ወይስ በጉልበቷ? ጉዳፍ አጠገቧ ናት ወይስ ርቃለች? ሌላስ ማን አለ? «አሳዛኝ» የሚለው ቃል ደግሞ ምንም አላሳየውም፤ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ብቻ ነገረው።

ሁለተኛው ሙከራ እንዲህ ይሆናል፦

«ቡዳፔስት፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ የመጨረሻዎቹ ሜትሮች። ሲፋን ሐሰን መሙ ላይ ወድቃለች። በሁለት እጆቿና በአንድ ጉልበቷ ተደግፋ ቀና ለማለት ትሞክራለች። ጉዳፍ ፀጋይ ከእሷ ሁለት እርምጃ ያህል ቀድማ እየሮጠች ነው፤ ፊቷ ወደ መጨረሻው መስመር ነው። ከሲፋን ኋላ ለተሰንበት ግደይ በውጨኛው በኩል እየመጣች ነው። ፎቶው የተነሣው ከፊት ለፊት ነው። ውጤት፦ ጉዳፍ 1ኛ፣ ለተሰንበት 2ኛ፣ እጅጋየሁ ታዬ 3ኛ፤ ሲፋን ተነሥታ 11ኛ ሆና ጨርሳለች።»

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ቦታው፤ ሰሚው የት እንደቆመ ካላወቀ ቀሪው ተንሳፋፊ ነው። ቀጥሎ ዋናው ድርጊት፣ ከዚያ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ከዋናዋ ሰው አንጻር፣ መጨረሻ ላይ ውጤቱ። ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ሯጮች ከተጠሩ በኋላ ማን ወደቀ፣ ማን አለፈ የሚለው የሚታወቀው ጫፍ ላይ ነው። የሚያይ አንባቢ ዓይኑን መልሶ ያነባል። በድምፅ የሚሰማው ሰው ግን ወደኋላ ተመልሶ እንደገና ማስነበብ አለበት።

«በውጨኛው በኩል» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም። አዘጋጆች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት ግራና ቀኝ ላይ ነው። በመም ውድድር ሯጮች የሚዞሩት በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ የውስጠኛው መስመር ሁልጊዜ በሯጯ ግራ ነው። ከፊት ለፊት በተነሣ ፎቶ ላይ ግን ያው መስመር ለተመልካቹ በቀኝ ይታያል። አዘጋጇ የምታየውን ጽፋ «በቀኝ በኩል» ብትል፣ መሙን በእግሩ ወይም በራዲዮ የሚያውቀው ሰሚ በውጪ በኩል ብሎ ይረዳል። ስለ መደናቀፍና ስለ መነካካት በሚከራከሩበት ፎቶ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም፤ ሯጯን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ያዛውራታል። «ውስጥ» እና «ውጪ» ግን ካሜራው የትም ቢቆም አይለወጡም። በእግር ኳስም እንደዚሁ ነው፤ «በግራ» ከማለት «ወደሚያጠቃው ቡድን ግራ መስመር» ወይም «ከበረኛው በስተቀኝ» ማለት ይሻላል።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ስታዲየም፣ በ4 በ400 ሜትር ድብልቅ ዱላ ቅብብል ፍጻሜ፣ ሌላ የኔዘርላንድ ሯጭ ፌምኬ ቦልም መጨረሻው መስመር ሊደርስ ጥቂት ሲቀራት ወደቀች። ሁለቱም ብርቱካናማ ለብሰዋል፣ ሁለቱም ሲመሩ ነበር፣ ሁለቱም ከመስመሩ አፍ ላይ ወደቁ። ለሚያይ ሰው ሲፋንና ፌምኬ በመልክ አይምታቱም። «የኔዘርላንዷ ሯጭ ስትወድቅ» የሚል ካፕሽን ብቻ ለሚሰማው ሰው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ፎቶው ከሌላ ቦታ የተወሰደ ከሆነና አዘጋጁም ካልተማመነ የሚጣራበት መንገድ አለ፦ ደረት ላይ ያለው ስም፣ ፎቶ አንሺው የጻፈው የመጀመሪያ ካፕሽን፣ አጠገቧ የሚሮጡት አገሮች። በዚህ ፎቶ ላይ ደግሞ ዱላ አለ ወይ ብሎ ማየትም ይረዳል። ዱላ ካለ 10 ሺህ ሜትር አይደለም።

የፊደላችንም ጠባይ አለ። «ይመታል» ብለን ስንጽፍ መቺውም ተመቺውም በአንድ ዓይነት ፊደል ነው የሚጻፉት፤ ልዩነቱ በማጥበቅና በማላላት ነው፣ ያ ደግሞ አይጻፍም። ሰው ከፎቶው ይረዳዋል። ማሽኑ ግን አንዱን መርጦ ያነባል፣ ምርጫውም ሊሳሳት ይችላል። «ተከላካዩ ይመታል» ከማለት «ተከላካዩ ኳሷን ይመታል» ወይም «ኳሷ የተከላካዩን ክንድ ትመታለች» ማለት ጥርጣሬውን ያጠፋዋል። ፍጹም ቅጣት ምት ይገባል አይገባም በሚባልበት ፎቶ ይህች አንዲት ቃል ጨዋታው ናት።

ብዙ ፎቶ አንድ ላይ ሲለቀቅም ችግር ይመጣል። ስምንት ፎቶ በአንድ ካፕሽን ከወጣ፣ ሰሚው ስምንት ጊዜ «ፎቶ» ይሰማና ጽሑፉ የትኛውን እንደሚገልጽ አያውቅም። «1ኛው ፎቶ፦»፣ «2ኛው ፎቶ፦» እያሉ መቁጠር፣ ወይም አምስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሦስቱን ብቻ መልቀቅ ነው መፍትሔው። የውጤት ሰንጠረዥን ፎቶ አድርጎ መለጠፍም ያው ነው፤ ቁጥሮቹ ፎቶው ውስጥ ታስረው ይቀራሉ፣ በጽሑፍ መደገም አለባቸው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ከላይ በጻፍነው መግለጫ ውስጥ «ተገፍታ» የሚል ቃል የለም። «ራሷ ተደናቅፋ» የሚልም የለም። ምክንያቱም ፎቶው ከወደቀች በኋላ የተነሣ ነው፤ ስለ አወዳደቋ መንሥኤ ምንም አያውቅም። አዘጋጇ ቪዲዮውን ደጋግማ አይታ የራሷ አቋም ሊኖራት ይችላል፤ መብቷ ነው። አቋሟን ግን ለብቻው፣ «በእኔ እምነት» ብላ ትጽፈዋለች እንጂ መግለጫው ውስጥ አትቀላቅለውም። የሚያይ ሰው «ገፋቻት» የሚል ካፕሽን ሲያነብ ዓይኑን ወደ ፎቶው መልሶ «የታለ?» ማለት ይችላል። ማየት የተሳነው ሰው መመለሻ የለውም፤ ለእሱ የተጻፈው ቃል ራሱ ፎቶው ነው። አንዲት የተጨመረች ግስ የሐሰት ማስረጃ ትሆንበታለች።

አንድ የቻናል አዘጋጅ ያንን የሕግ ተማሪ «ወንድሜ፣ ምን ብንጨምርልህ ነው የሚሻልህ?» ብላ በጠየቀችው ጊዜ የሰጣት መልስ አጭር ነበር። «ማን የት እንደነበረች ንገሪኝ፣ እህቴ። ማን እንዳጠፋ እኔ ልፍረድ።»

የምትጠይቀው ሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ሦስቱ የእሳት ምልክቶች ቢቀሩ ደግሞ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ቦታ ይገኛል።