«በደንብ ከተጠበሰ ምን ይሆናል?»

ዛሬ የማወራችሁ በራሴ ቤት ስለደረሰ ነገር ነው። ሐኪም ሆኜ መሳሳቴን መናገር ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ብዙዎቻችሁም የምታደርጉት ስለሆነ ልንገራችሁ።

አንድ እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቡራዩ 3 ኪሎ የበሬ ሥጋ ገዛን። በፌስታል ተቋጥሮ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሱሉልታ ለቅሶ ለመድረስ ሄድን። ሱሉልታ ብርዳም ናት ብዬ ስለ ሥጋው አላሰብኩም። መኪናው ግን መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ ቢሆንም እንዲህ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ቤት የደረስነው 9 ሰዓት ላይ ነው። ሥጋውን አሸተትኩት፤ ምንም ሽታ የለውም። ባለቤቴም «በደንብ ከተጠበሰ ምን ይሆናል?» አለ። ጠብሰን 10 ሰዓት ላይ በላን። ማታ 1 ሰዓት ላይ የ6 ዓመት ልጃችን ማስመለስ ጀመረ፤ ቀጥሎ እኔ። ትኩሳት አልነበረንም።

ላቦራቶሪ አላስመረመርኩም፤ ነገር ግን በ3 ሰዓት ውስጥ ያለ ትኩሳት ድንገት ማስመለስ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ያስጠረጥራል። ይህ ባክቴሪያ በሰው እጅና አፍንጫ ላይ ይኖራል፤ ሥጋ ሲቆረጥ ይተላለፋል። ሙቀት ሲያገኝ ይራባና መርዝ ያመርታል። ስንጠብሰው ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን እሳት አያጠፋውም። ሽታም አይሰጥም፤ ሥጋን የሚያሸቱት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። ክትፎ ወይም ቁርጥ አድርገነው ቢሆን ደግሞ እሳት ይገድላቸው የነበሩት እነ ሳልሞኔላም አብረው ይገቡ ነበር።

ለልጄ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ በጥብጬ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ሰጠሁት። ሲያስመልስ 10 ደቂቃ ጠብቄ ቀስ እያልኩ እቀጥላለሁ። አንቲባዮቲክ አልሰጠሁትም፤ መርዙን አያክመውም። ልጃችሁ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ለ6 ሰዓት ሽንት ያልሸና፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ የሚፈዝ ወይም ደም የሚያስቀምጠው ከሆነ ግን ቤት አታቆዩት፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አሁን ሥጋ የምገዛው ሌላውን ጉዳይ ሁሉ ጨርሼ ወደ ቤት ስመለስ ነው። ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት፣ በሞቀ መኪና ውስጥ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየ ጥሬ ሥጋ አላበስልም። በጾም ወቅት ለምትገዙት ዓሣም ልኬቱ ይኸው ነው። መንገዱ ረጅም ከሆነ በረዶ ያለበት ሳጥን ይዤ እወጣለሁ። ሰበታ ያለችው አማቴ የተረፈውን ጥሬ ሥጋ ልጥል መሆኑን ስትሰማ «ምነው ልጄ፣ ቋንጣ አታደርጊውም?» አለችኝ። ቋንጣ ቢሆንም መርዙ አብሮ ይደርቃል እንጂ አይጠፋም አልኳትና ጣልኩት።