ልያ ያቃጠለቻቸው ደብዳቤዎች

አሽቀሎን ሶሻል ወርክ የምንማር ሴቶች የአግኖንን «ቢድሜ ያሜሃ» አንድ ጥያቄ ይዘን አነበብነው፤ የሴቶቹን ቃል ወደ እኛ የሚያደርሰው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1923 የታተመውን ይህን ታሪክ የምትተርከው ቲርጻ የምትባል ወጣት ናት። ሴት ራሷ ስለምትናገር ድምፅ የተነፈገ ሰው ያለ አይመስልም። የእናቷ የልያ ነገር ግን ሌላ ነው። ልያ አስተማሪዋን አቃቢያ ማዛልን ትወድ ነበር። አባቷ ግን ልበ ሕመምተኛ ናትና ሀብታም ባል ያስፈልጋታል ብሎ ለሚንትስ ዳራት። ከመሞቷ በፊት በሯን ዘግታ፣ ደብቃ ያኖረቻቸውን ደብዳቤዎች አቃጠለች።

ቲርጻ ያንን ፍቅር በዝርዝር የምታውቀው ማዛል ከጻፈው ማስታወሻ ነው። እናት ዝም አለች፤ ልቧን የተረከልን ወንድ ነው። ቲርጻ በኋላ ማዛልን ራሷ ፈልጋ አገባችው። ምርጫው የራሷ ነው ወይስ የእናቷን ያላለቀ ሕይወት እየጨረሰች ነው? አግኖን መልሱን አይሰጠንም። ሆኖም በመጨረሻ አርግዛ ለብቻዋ ተቀምጣ የምትጽፈው እሷው ናት።

ብዙዎቻችን ያደግነው በየቢሮው ለእናቶቻችን እያስተረጎምን ነው። እናት በአማርኛ ብዙ ትናገራለች፤ ፋይሉ ላይ የሚሰፍረው ልጅ ያሳጠረው አንድ የዕብራይስጥ መስመር ነው። ነገ ፋይሉን የምንጽፈው እኛ ነን። እናትየዋ ያለችውንና ሌላው ስለ እሷ ያለውን ለየብቻ እንጻፍ።