ፊርማ የማይጠይቅ የንባብ መከታተያ

ትምህርት ቤቶች ወደ ቤት የሚልኩት የንባብ መከታተያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀን፣ የምንባቡ ርዕስ፣ የተነበበው ገጽ፣ መጨረሻ ላይ የወላጅ ፊርማ። ወላጅ ማንበብ በማይችልበት ቤት ይህን ወረቀት የሚሞላው ልጁ ራሱ ነው። ፊርማውንም እሱው ይሞነጫጭረዋል። መምህሩ ዓርብ ሲሰበስብ አምስቱም ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ያገኘዋል።

ጥፋቱ የወላጅ አይደለም። ወረቀቱ የማትችለውን ጠየቃት እንጂ የምትችለውን አልጠየቃትም።

ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ያላት እናት አለች እንበል። ለእሷ የሚሆነው ወረቀት በየቀኑ ሦስት ሥዕል ብቻ ይኖረዋል፦ ጆሮ፣ ጣትና አፍ። አጠቃቀሙ በወላጆች ስብሰባ ላይ በቃልና በተግባር ይታያል፤ በደብዳቤ አይላክም።

ጆሮ ማለት ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ መስማት ነው። እንደሚያወራ ከሄደለት መስመር ታሰምራለች፤ ፊደል በፊደል ከለቀመ ነጥብ ታደርጋለች። አማርኛ ላይ ደግሞ ጆሮ ሌላም ሥራ አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። ልጁ «አባቴ ገና አልመጣም» የሚለውን አጥብቆ ካነበበ ፊደሉን እንጂ ሐሳቡን አላነበበም። እናትየው አንድ ፊደል ሳትለይ «የምን ገና ነው በሐምሌ?» ብላ ትይዘዋለች። ደግሞ ያነባል፤ በሁለተኛው ከተቃና መስመሯን ያገኛል።

ጣት ሽምደዳን ይለያል። ክፍል ውስጥ በጋራ ሲጮህ የከረመ ምንባብ ገጹ ሳይታይም ይወጣል። ስለዚህ እናትየው መሀል ላይ ባለ አንድ ቃል ጣቷን አድርጋ «ይቺ ምን ትላለች?» ትላለች። ልጁ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስቶ እያነበነበ እዚያ ከደረሰ፣ ሸምድዷል። ከታች ያንኑ መልክ ያለው ቃል ፈልጋ ደግማ ትጠይቃለች፤ መልክ ማመሳሰል ፊደል መቁጠር አይፈልግም።

አፍ የሚባለው ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን ሲተርክ ነው። እሷ «ለምን እንዲህ አደረገ?» ብላ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች።

መምህሩ ወረቀቱን በደቂቃ ያነበዋል። ጆሮው ላይ ነጥብ ከበዛ ያው ምንባብ ይደገማል፤ ጣቱ ባዶ ከሆነ ልጁ ወደ ፊደል ይመለሳል። ሳምንቱን ሙሉ አንድም ነጥብ ከሌለ ግን ምናልባት ማንም አልሰማውም፤ ልጁን አጠገቡ አስቁሞ ሁለት መስመር ማስነበብ ነው።

ሁሉም ቤት ግን አንድ አይደለም። ልጁ የሚያነብበት ቋንቋ የቤቱ ቋንቋ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን አካባቢ በእንግሊዝኛ የሚማር የሐበሻ ልጅ ከሆነ፣ ጆሮ አቅም ያጣል። ጣት ይሠራል፤ ትረካውም በአማርኛ ይሁን። ከሁሉም የሚያበላሸው ወረቀቱን ለማርክ መያዝ ነው፤ ማርክ ከተያዘበት ነጥብ የሚያደርግ ወላጅ አይኖርም።

መጽሐፉ ትምህርት ቤት ለሚቀርበት ልጅ ደግሞ መጀመሪያ በእጅ የተገለበጠ አንድ ገጽ ምንባብ ከወረቀቱ ጋር ይላክለት።