6 ከየት መጣ?

በማስተማር ልምምዳችን ጊዜ 17,284ን ለ28 ስናካፍል መልሱን አስቀድመን ደብተራችን ላይ ሠርተን ይዘን ነበር። እናም ሳናመነታ ድርሻው ላይ 6 ጻፍን። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ «ጋሼ፣ 6 መሆኑን በምን አወቁ?» አለች። ለካስ ግምታችንን ሁሉ ቤት ትተነው መጥተናል!

ሰሌዳውን አጥፍተን እንደ አዲስ ጀመርን። 17 እና 28 አይገናኙም፤ ስለዚህ 172ን ያዝን፤ እነዚህ መቶዎች ናቸው። አንዱ ልጅ 28ን እንደ 20 ቆጥሮ፣ «17 ለ2፣ 8!» አለ። 8 ጊዜ 28 ግን 224 ነው፤ ከ172 አይቀነስም፤ በዛ። ሌላው፣ «28 ለ30 ይቀርባል፤ 17 ለ3፣ 5» አለ። 5 ጊዜ 28፣ 140፤ ቀሪው 32። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዝም ብለን እናልፋለን። 32 ግን ከ28 ይበልጣል፤ አንድ 28 ገና ውስጡ አለ ማለት ነው። ወደ 6 ከፍ አደረግነው፤ 168 ተቀነሰ፤ 4 ቀረ።

4 መቶዎች 40 አሥሮች ናቸውና 8ን ስናወርድ 48 አሥሮች ሆኑ። በ48 ውስጥ 28 አንዴ ብቻ ይገኛል፤ 20 ይቀራል። 4ን አወረድን፤ 204። በ30 ብንገምት 6 ነው፤ 168 ሲቀነስ 36 ቀረ። ያቺው ልጅ እጇን እንኳ ሳታወጣ፣ «አሁንም አነሰ!» አለች። 7 አደረግነው፤ 196 ተቀነሰ፤ 8 ቀረ። የሚወርድ አኃዝ የለም።

617ን በ28 አባዝተን 8 ስንጨምር 17,284 መጣ።

አካፋዩን ወደ 30 ከፍ ካደረግን ግምታችን ቢስት የሚስተው ወደ ታች ነው፤ ቀሪው ራሱ ይነግረናል። እንደ 21 ያለውን ወደ 20 ስናወርድ ግን ስህተቱ ወደ ላይ ነው፤ ያኔ ዳስተር ያስፈልጋል።